የአሸዋ መኪና ሲለካ 2 ሳንቲም የት ያደርሳል? ጥያቄና መልስ

ከሳቢያን፦ ለቤት ግንባታ አሸዋ በገልባጭ አስመጣለሁ። የጭነት ሳጥኑን በውስጥ ስለካው ርዝመቱ 5.60፣ ወርዱ 2.30፣ ቁመቱ 1.20 ሜትር መጣ። ባለመኪናው 16 ሜትር ኩብ ነው ይላል፣ እኔ ሳባዛው 15 ተኩል አይሞላም። እያጭበረበረኝ ነው?

መልስ፦ በዚህ ብቻ ሰውየውን መክሰስ አይቻልም። የእርስዎ ልኬት ሲባዛ 15.46 ይሆናል። ሦስቱንም ጎን 2 ሳንቲም 2 ሳንቲም ብቻ ከፍ አድርገው ያስሉት፦ 5.62 × 2.32 × 1.22 = 15.91። ሜትር ላይ በቀላሉ የሚታለፍ 2 ሳንቲም 450 ሊትር አሸዋ አመጣ ማለት ነው፤ ሁለት በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። እሱ ወደ ላይ አጠጋግቶ፣ እርስዎ ደግሞ ሜትሩን ትንሽ አጥብቀው ይዘው ከሆነ ሁለታችሁም ሳትዋሹ ልትለያዩ ትችላላችሁ።

2 ሳንቲም የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው። የሳጥኑ ጎን ጭነት ገፍቶት መሃሉ ላይ ይነፋል፣ ስለዚህ ወርዱ ጫፉ ላይና መሃሉ ላይ አንድ አይደለም። ሜትሩ ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ይታጠፍና ቁጥሩ በግምት ይነበባል። ለዚህኛው መፍትሔ አለው፦ የሜትሩን ቤት ጀርባ ከግድግዳው አስጠግተው፣ አፉ ላይ ያነበቡትን ቁጥር ከቤቱ ርዝመት ጋር ይደምሩ። የቤቱ ርዝመት ብዙ ጊዜ እላዩ ላይ ተጽፏል፣ ካልተጻፈም አንዴ ለክቶ መያዝ ነው።

ከከዚራ፦ እኔ እንደሚገባኝ 2 ሳንቲም በሦስት ጎን 6 ሳንቲም ነው። 6 ሳንቲም ከ5.60 ሜትር 1 በመቶ ገደማ ነው። ያን ያህል የሚያስጮህ አይደለም።

መልስ፦ መደመሩ ልክ ነው፣ የሚደመረው ግን ሳንቲሙ አይደለም። እያንዳንዱ ስህተት ከራሱ ጎን አንጻር ስንት በመቶ እንደሆነ ይታያል፣ ከዚያ በመቶዎቹ ይደመራሉ። 2 ሳንቲም ከ5.60 ሜትር 0.36 በመቶ፣ ከ2.30 ሜትር 0.87 በመቶ፣ ከ1.20 ሜትር 1.67 በመቶ ነው። ድምሩ 2.9 በመቶ፣ አንተ ካልከው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ እይ፦ ከጠቅላላው ስህተት ከግማሽ በላይ የመጣው ከቁመቱ ብቻ ነው። ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ ላይ ተጠንቅቆ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ሜትር ወጥሮ፣ ቁመቱን አንድ ቦታ ላይ በዓይን ያነባል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ከጎን እስከ ጎን ቀጥ ያለ እንጨት ጋድም አድርገህ ከእንጨቱ ሥር እስከ ወለሉ ለካ። አራቱ ማዕዘን ላይና መሃል ላይ ደግመህ አማካዩን ውሰድ። ከዚያ በፊት ወለሉን በአካፋ ፈቅፍቅ። ካለፈው ጭነት ተጣብቆ የደረቀ 3 ሳንቲም አሸዋ በዚህ ሳጥን ውስጥ 0.39 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል።

ከመጋላ፦ ስህተት አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ስለሚሄድ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ አትጨነቁ።

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። ስህተቱ ከእጅና ከዓይን የመጣ፣ አንዴ ጨምሮ አንዴ የሚቀንስ ከሆነ ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ የመግጠማቸው ዕድል ትንሽ ነው። እንዲህ ሲሆን በመቶዎቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ካሬ ሩት ማውጣት ነው፤ ለዚህ ሳጥን 1.9 በመቶ፣ 0.3 ሜትር ኩብ ገደማ ይሰጣል።

ከሜትሩ ከራሱ የመጣ ስህተት ግን አይጣፋም። ጫፉ ተቆርጦ ከ10 ሳንቲም መስመር ጀምሮ የሚለካ ሰው 10ሩን መቀነስ ከረሳ ሦስቱንም ጎን ያስረዝማል። የጨርቅ ሜትር ተስቦ በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲም ቢረዝም እያንዳንዱ ጎን በ0.5 በመቶ ያጥራል፣ ጠቅላላው በ1.5 በመቶ ያንሳል፣ መቶ ጊዜ ብትለካውም ያው ነው። የብረት ሜትር ጫፍ ላይ ያለችው መንጠቆ ደግሞ ላላ ብላ የምትንቀሳቀሰው ሆን ተብሎ ነው፤ የራሷን ውፍረት ያህል ትሄዳለች፣ ስትገፋም ስትጎተትም ልክ እንድታሳይ። ተበላሽታለች ብሎ በመዶሻ የሚያጠብቃት ሰው ሜትሩን ያበላሸዋል። ለአሸዋ ሚሊሜትሯ አትጎዳም፣ ለበርና ለመስኮት ግን ትጎዳለች።

ከለገሃር፦ የድሬ ሙቀትስ? ብረት ሜትር ፀሐይ ላይ ሲውል ይረዝም የለ?

መልስ፦ ይረዝማል፣ ግን በጣም ትንሽ ነው። ሜትሩ አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዲግሪ ነው የሚሠራው። ፀሐይ ላይ 50 ዲግሪ ቢደርስ በ5.60 ሜትር ላይ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፣ በጠቅላላው ይዘት ላይ 0.1 በመቶ ነው። የመኪናው ሳጥንም ብረት ስለሆነ አብሮት ይረዝማል። ሙቀቱን ይተውትና ቁመቱን ይጠብቁ።

ከገንደ ቆሬ፦ የእኔ ሶሌታ ነው። 10 በ8 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲም፣ 12 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ብለን አሰልን፣ መጨረሻ ላይ አነሰን። ርዝመቱን እንደገና ብንለካው ልክ ነው።

መልስ፦ ርዝመቱ ላይ ፈልገው አያገኙትም። እዚያ 1 ሳንቲም ቢሳሳቱ የሚቀየረው 12 ሊትር ነው። ውፍረቱ ላይ 1 ሳንቲም ግን 800 ሊትር ነው፣ 6.7 በመቶ። ካሳፎርማው በክብደቱ መሃል ላይ ትንሽ ወርዶ ወይም ጣውላው ሳይስተካከል ቀርቶ አማካዩ 16 ሳንቲም ከሆነ ያነሰዎት ይኸው ነው። በሚቀጥለው ከመሙላትዎ በፊት በሚጨርሱበት ከፍታ ሲባጎ ወጥረው፣ 15 ሳንቲም ላይ ምልክት ባለው ፌሮ ብዙ ቦታ ላይ ወደ ታች ይለኩ። ድጋፉ ሲጫነው የሚወርደውን ግን ይህ አያሳይም፣ እሱን ሲሞላ ከሥር ማየት ነው።

ከአዲስ ከተማ፦ ሮቶዬ 1000 ሊትር ይላል፣ ስለካው 960 መጣብኝ። አጭበረበሩኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ሮቶ ክብ ስለሆነ ዲያሜትሩ ሁለት ጊዜ ነው የሚባዛው። 1.10 ሜትር ላይ 2 ሳንቲም ብታሳንሺ 1.8 በመቶ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን 3.6 በመቶ፤ 40 ሊትርሽ እዚያው ሊሆን ይችላል። በዓይን መሃሉን ፈልገሽ ከምትለኪ ዙሪያውን በጨርቅ ሜትር ለክተሽ ለ3.1416 አካፍዪ። ዙሪያው ላይ 1 ሳንቲም ብትስቺ ዲያሜትሩን የሚያሳስተው በ3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጎድጓዳ ቀለበት ካለው ግን በውጭ ተለክቶ ልክ አይመጣም፣ በባልዲ መሙላት ይሻላል።

ከሳቢያን፦ ወደ መኪናዬ ልመለስ። አሸዋው ከሳጥኑ በላይ መሃሉ ላይ 20 ሳንቲም ተቆልሎ ነው የሚመጣው። እሱስ እንዴት ይታሰባል?

መልስ፦ እዚህ ጋ ሜትር አያስታርቅም። ቁልሉ እንደ ቤት ጣራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሄደ 1.29 ሜትር ኩብ ነው፤ ከአራቱም ጎን ወደ አንድ ጫፍ ከሾለ 0.86 ነው። ልዩነቱ ብቻ ቅድም ከተነጋገርንበት 0.45 ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔ በእንጨት ተጠርጎ ልሙጥ ሆኖ ይለካ እላለሁ።

ከከዚራ፦ ሾፌሮች ይህን አይቀበሉም። የተቆለለው መንገድ ላይ ለሚሰምጠው ማካካሻ ነው ይላሉ። ሲጫን የተለካውና ሲደርስ የተለካው አንድ አይሆንም።

መልስ፦ እውነታቸውን ነው፣ ይሰምጣል፤ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ግን እንደ እርጥበቱና እንደ መንገዱ ይለያያል፣ አንድ ቁጥር አልሰጥህም። ሲጫን ይለካ ወይስ ሲደርስ የሚለውን ሒሳብ አይፈታውም፣ ከመጫኑ በፊት የምትስማሙበት ነው።