ፎቶ ላይ ማሊያ ስንቀይር ቁጥሩና ስሙ እንዳይበላሽ፦ ጥያቄና መልስ

ማሂ፦ ከጀርባ የተነሳ ተጫዋች ፎቶ አለኝ፣ ቀይ ማሊያ ነጭ 9 ቁጥር። ማሊያውን ሰማያዊ አድርጌ 17 ጻፍኩበት፣ እጥፋቱን እንዲከተል በፎቶሾፕ Displace ስሰጠው ግን ቁጥሩ ሽብሽብ በሌለበት ቦታ ሁሉ ይሰበራል። ምንድነው ችግሩ?

የፎቶ ሰው፦ ማሂዬ፣ የምትሰብርብሽ አሮጌዋ 9 ናት። ማፑን፣ ማለትም Displace እጥፋቱን የሚያነብበትን ምስል፣ የሰራሽው ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገሽ ይመስለኛል፣ Displace ደግሞ የሚያነበው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው፤ መሃል ግራጫ ከሆነ ፒክስሉን አያንቀሳቅሰውም፣ ከዛ ከበራ ወደ አንድ ጎን ከጨለመ ወደ ሌላ ጎን ይገፋዋል። ነጩ 9 ከቀዩ ጨርቅ በጣም ስለሚበራ ፎቶሾፕ ትልቅ እጥፋት መስሎት በ9ኙ ጠርዝ ላይ አዲሱን ቁጥር ይገፋዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፣ 17ቱን ደብቂና ማፑን ብቻ እዪው፣ 9 ቁጥር እዛው ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ 9ኙን መርጦ Content-Aware Fill ይሰጠዋል፣ እኔ አልወደውም፣ ምክንያቱም በቁጥሩ ውስጥ የሚያልፈው እጥፋት አብሮ ይጠፋል። ኮፒ ሌየር ላይ ጥቁርና ነጭ ካደረግሽው በኋላ 9ኙን ብቻ ሰሌክት አድርጊና በ Curves ብርሃኑን አውርጂው፣ ከጎኑ ካለው ጨርቅ ጋር እኩል እስኪሆን። ያኔ ቁጥሩ ይጠፋል እጥፋቱ ግን ይቀራል። ጠርዙ ላይ ቀጭን መስመር ትቀራለች፣ እሷን በ Healing Brush አጥፊ። ነጩ በፍላሽ ወይ በፀሐይ ተቃጥሎ ውስጡ ምንም መስመር ከሌለው ግን የግራና የቀኙን እጥፋት በለስላሳ ብሩሽ አንቺው ማገናኘት አለብሽ፣ ሌላ መንገድ የለውም። ከዛ ትንሽ Gaussian Blur (የጨርቁ ክር እስኪጠፋ እጥፋቱ ግን እስኪቀር)፣ በ PSD ሴቭ አድርጊና እሱን ማፕ አድርጊው።

ይሄው የጸዳ ሌየር ለጥላውም ያገለግልሻል፣ ከ17ቱ በላይ Multiply አድርገሽ ታስቀምጪዋለሽ። ያልጸዳውን ካስቀመጥሽ ግን በሰማያዊው ላይ የ9 ጥላ ይታያል፣ አይን ባያውቀውም "የሆነ ነገር አለው" ይላል።

ቢኒ፦ Displace ለምን ትጠቀማላችሁ? እኔ በ Warp ብቻ ነው የምሰራው፣ ምንም አይሰበርም።

የፎቶ ሰው፦ ለስሙ ልክ ነህ። ስም ትናንሽ ፊደል ስለሆነ Displace ትንሽ ሲበዛበት አንዱ ፊደል ወደ ሌላው ይገፋና ክፍተቱ ይዘበራረቃል፣ እኔም ለስም Warp አድርጌ Displace 2 ወይ 3 ብቻ እሰጠዋለሁ። ለቁጥሩ ግን Warp የሰውነቱን ክብነት ነው የሚሰጥህ እንጂ ጥልቅ እጥፋት ላይ የቁጥሩ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ስቲከር ይመስላል። ስለዚህ ስምና ቁጥር በአንድ ሌየር አትስሩ፣ ለየብቻ Smart Object አድርጓቸው፣ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው አይነካም።

ኬቢ፦ የኔ 11 ነው። ሁለቱ አንዶች ተራርቀው ነው የሚታዩት፣ ተጫዋቹ ደግሞ ትንሽ ዞሯል፣ ሳጠጋቸው ይጣበቃሉ ሳርቃቸው ይበተናሉ።

የፎቶ ሰው፦ ሁለት ነገር ተደባልቆብሃል። አንደኛው ፎንቱ ነው፣ በብዙ ፎንት ላይ አሃዞች ሁሉ እኩል ስፋት ነው የተሰጣቸው፣ 1 ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ግራና ቀኙ ባዶ ይቀራል። Character ውስጥ Metrics የሚለውን Optical አድርገው፣ ካልበቃህ በሁለቱ መሃል ከርሰር አስቀምጠህ Alt ይዘህ በቀስቱ አጥብበው። ይሄን ገና ሳታዞረው፣ ጠፍጣፋ እያለ ጨርስ።

ሁለተኛው መዞሩ ነው። መጠኑን በግምት አትስራ፣ ከማሊያው ለካ። ለምሳሌ ከአንገት እስከ ታች 900 ፒክስል ቢሆንና ማሊያው በእውን 75 ሴንቲሜትር ገደማ ነው ብንል፣ አንድ ሴንቲ 12 ፒክስል ማለት ነው። የጀርባ ቁጥሩን 28 ሴንቲ ብትይዝ 336 ፒክስል ቁመት ይመጣል፣ በአሃዞቹ መሃል 3 ሴንቲ ብትተው 36 ፒክስል። ተጫዋቹ ወደ 40 ዲግሪ ከዞረ ቁመቱ እንዳለ ይቀራል፣ ወደ ጎን ያለው ሁሉ ግን ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ይጠብባል፣ ክፍተቱም አብሮ 28 አካባቢ ይሆናል። ሰው የሚሳሳተው አሃዞቹን አጥብቦ ክፍተቱን እንዳለ ሲተወው ነው፣ ለዛ ነው የተበተነ የሚመስለው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዘህ ነው የምታጠብበው፣ ከዛ ጀርባው ክብ ስለሆነ ከካሜራው የራቀውን በ Warp ትንሽ ጨምረህ ታጠብበዋለህ።

ትዕግስት፦ የኔ ማሊያ ላይ ያለው ቁጥር በእጥበት ተላጠብኝ፣ አዲስ ለማስለጠፍ አሮጌው ሙጫ በምን ይነሳል?

የፎቶ ሰው፦ እህቴ እዚህ የምናወራው ስለ ፎቶ ኤዲቲንግ ነው፣ ስለ ጨርቁ በደንብ የሚያውቅ ካለ ይመልስልሽ። በግምት አሲድ ነገር እንዳትሞክሪበት ብቻ፣ ማሊያው እንዳይበላሽ።

ኬቢ፦ ስሙን በቅስት ሳደርገው Arc የሚለው ፊደሎቹን ያወፍርብኛል።

የፎቶ ሰው፦ Arc ፊደሉን ራሱን ነው የሚያጎብጠው። በ Pen ቅስት ሳልና ጽሑፉን እዛ መስመር ላይ ጻፈው፣ ፊደሉ ሳይጎብጥ ብቻ ይዞራል። ከላይ ይከፈታል ከታች ይጠጋል፣ ስለዚህ ክፍተቱን በፊደሉ ወገብ ላይ ነው የምታየው። በአማርኛ ስም የምትጽፍ ከሆነ Faux Bold አትንካ፣ ጭ እና ፀ ውስጣቸው ይደፈንና ከሩቅ አይነበቡም፣ ወፍራም ሆኖ የተሰራ ፎንት ፈልግ።

ሰይፉ፦ ጥቁር ማሊያ ወደ ነጭ እንዴት ነው? ስቀይረው ወረቀት ይመስላል።

የፎቶ ሰው፦ ይሄ ከባዱ ነው። ጥቁሩ ውስጥ እጥፋቱ ብዙ ጊዜ አልተቀረጸም፣ RAW ካለህ Shadows ከፍ አድርገህ ትንሽ ታወጣለህ፣ JPEG ከሆነ ግን ስታበራው የሚወጣው ኖይዝ ነው፣ ኖይዙ ደግሞ ማፑ ውስጥ ሲገባ የቁጥሩን ጠርዝ ጥርስ ያወጣበታል።

ቢኒ፦ በ Dodge እና Burn እጥፋቱን መሳል ነው።

የፎቶ ሰው፦ ለጥላ ይሆናል ቢኒ፣ ለማፕ ግን በእጅ የተሳለ እጥፋት ቁጥሩን እንደ ላስቲክ ያደርገዋል፣ እኔ እስካሁን ደስ ያለኝ ውጤት አላገኘሁበትም። ተመሳሳይ ብርሃን ላይ የተነሳ ሌላ ፎቶ ካለ የሱን ጨርቅ መዋስ ይሻላል።

ማሂ፦ 9ኙን በ Curves አወረድኩት፣ 17ቱ አሁን አይሰበርም! ግን የ7 ጫፍ ክንዱ ስር ገባ፣ ወደ ግራ ላምጣው?

የፎቶ ሰው፦ አታምጪው፣ ቁጥሩ በአከርካሪው መስመር ላይ ነው የሚቆመው፣ ካንቀሳቀስሽው ማሊያው ሁሉ የተጣመመ ይመስላል። ክንዱን በማስክ ከፊት አድርጊው፣ የ7 ጭንቅላቱና ወገቡ ከታየ ይነበባል። ፎቶውን ወደ 200 ፒክስል አሳንሺና እዪው፣ 17 ነው ብለሽ ወዲያው ካነበብሽ ተዪው፣ 1 ብቻ ከታየሽ ግን ሌላ ፎቶ ምረጪ።