ስለ ክሮኖግራፍ ሰዓት ጠይቁኝ

ፒያሳ የምሠራ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀለል ብሎኛል። ስትጠይቁ የሰዓቱን ዓይነት አብራችሁ ጻፉ።

ከካዛንቺስ፦ ጋሼ፣ የኔ ቫልዡ 7750 ነው። መሃል ያለችው ረጅሟ ሰከንድ ቆጣሪ ቆማለች፤ ተበላሽታ ይሆን?

መልስ፦ ደህና ናት። የምትነሣው የላይኛውን ቁልፍ ስትጫን ብቻ ነው። ሰዓቱ መሄዱን 9 ቁጥር አጠገብ ያለችው ትንሿ ትነግርሃለች።

ከአራት ኪሎ፦ የእኔም እሱ ነው። ከመስቀል አደባባይ ደብረ ብርሃን ያለውን ጉዞ ለካሁ። የላይኛዋ ክብ 17 ላይ፣ ረጅሟ ቀስት 40 ላይ ቆመች። እኔ 2 ሰዓት ከ17 አልኩ፤ ባለቤቴ 2 ከ47 ነው ትላለች።

መልስ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የላይኛዋ ክብ የምትቆጥረው 30 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሣለች። ስለዚህ 17 ስትል 17ም 47ም ሊሆን ይችላል። የሚለየው 6 ቁጥር አጠገብ ያለችው የሰዓት ክብ ናት። ቀስቷ አትዘልም፤ ቀስ እያለች ትሳባለች። ከ2 ትንሽ አልፋ ከሆነ የአንተ ልክ ነው። ግማሹን ተሻግራ ወደ 3 ከተጠጋች ግን 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። የት ላይ ነበረች?

ከአራት ኪሎ፦ ወደ 3 ተጠግታ።

መልስ፦ እንግዲያውስ ባለቤትህ ልክ ናት።

ከሳሪስ፦ እኔ ሳላቆም የታችኛውን ተጭኜ ነው ወደ ዜሮ የምመልሰው። ይፈጥናል።

መልስ፦ ተው! ውስጥ ያለችው መዶሻ የልብ ቅርጽ ባላት ብረት ላይ ወርዳ ቀስቷን በኃይል ወደ ዜሮ ታዞራለች። ጥርሱ ገና ተያይዞ እየዞረ ሳለ ይህ ከሆነ፣ ሁለቱ እርስ በርስ ይታገላሉ። ቁልፉ እምቢ ሲልህ እየከለከለህ ነው፤ አታስገድደው። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ያመጣው ሰዓት ዜሮ ሲባል 3 ሰከንድ ላይ ይቆም ነበር። ስከፍተው ቀስቷ ከተተከለችበት ዘንግ ላይ ተንሸራታ አገኘኋት። በላይኛው አቁም፣ ከዚያ በታችኛው መልስ።

ከቦሌ፦ ፍላይባክ የሚባሉት እየሄዱም ዜሮ ይገባሉ። ስለዚህ ችግር የለውም።

መልስ፦ እነሱ ለዚያ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ተራው 7750 አይደለም።

ከጉለሌ፦ እየሄደ ዜሮ ማድረግ ይጎዳል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቡ እንጂ!

ከመገናኛ፦ ዋና ላይ መለካት ይቻላል?

መልስ፦ ውሃ ውስጥ ቁልፍ አትጫኑ። ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

ከካዛንቺስ፦ ረጅሟ ስትዞር ደስ ስለምትለኝ ቀኑን ሙሉ ባስኬዳትስ?

ከቦሌ፦ ምንም አይሆንም። እኔ ዓመት ሙሉ አስኪጃለሁ።

መልስ፦ የአንተ ሰዓት ረጅሟን ቀስት ከሚሄደው ጥርስ ጋር የሚያያይዘው ክፍል ከላይ ወደ ታች የሚገጥም ሊሆን ይችላል፤ ያ ይችለዋል። 7750 ላይ ግን የሰዓቱን ፍጥነት የሚጠብቀው ሚዛን ውዝዋዜው ይቀንሳል፣ ጥርሶቹም ይበላሉ።

ከቦሌ፦ የኔም 7750 ነው፤ አልዘገየም።

መልስ፦ ሳምንት ሙሉ አስኪደህ፣ ሳምንት ሙሉ አቁመህ ልዩነቱን ጻፍልኝ።