አባሪና ሊንክ ስትልክ ምን ብለህ ታስተዋውቃለህ?

«ድሬዳዋ በዕቃ አስተላላፊ ቢሮ እሠራለሁ። ለደንበኛ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስትና የፎቶ ሊንክ ልኬ ‹ተያይዟል› ስል ‹የቱን ልይ?› ብለው ይመልሱልኛል። ምን ልጻፍ?»

ለእያንዳንዱ ምን እንደያዘና ደንበኛው የቱን ቦታ እንዲያይ ንገረው። መልስ የምትፈልግበትን ከሁሉም አስቀድም፤ ያ ኢንቮይሱ ላይሆን ይችላል። እንዲህ፦

«ሁለት ፋይልና አንድ ሊንክ ልኬልዎታለሁ።

1. Packing_List.pdf የካርቶኖቹ ዝርዝርና ክብደት ነው። ተራ ቁጥር 7ን ይመልከቱ፤ ክብደቱ ከኢንቮይሱ በ12 ኪሎ ይበልጣል። ትክክለኛው የትኛው ነው?

2. Invoice.pdf የዕቃው ዋጋ ነው። ገጽ 2 ላይ ያለው ድምር በባንክ ከከፈሉት ጋር እኩል መሆኑን ያረጋግጡልኝ።

3. ሊንኩ ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ከመነሳቱ በፊት የተነሱ ፎቶዎች አሉበት። የማኅተሙ ቁጥር በ4ኛው ላይ ይነበባል፤ ሌሎቹን ማየት አያስፈልግዎትም።»

የመጨረሻዋን ሐረግ አትተዋት። ደንበኛህ ምናልባት መጋዘን በር ላይ ቆሞ በስልክ ነው የሚያነበው፤ ምን መዝለል እንደሚችል ማወቁ ያስደስተዋል። በጽሑፉ የጠራኸው ስም ከፋይሉ ስም ጋር አንድ ይሁን፤ «ፓኪንግ ሊስቱ» ብለህ scan0023.pdf ብትልክ ድካምህ ከንቱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ የጉግል ድራይቭ ሊንክ በራስህ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ይከፈታል፤ ባለቤቱ አንተ ነህና። ፈቃዱ Restricted ከሆነ ግን ደንበኛው ፈቃድ ጠይቅ የሚል ገጽ ብቻ ያያል። Share ውስጥ ገብተህ የእሱን ኢሜይል ጨምር። Anyone with the link ቀላል ቢመስልም ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ስለሚከፍተው ለንግድ ሰነድ አልመርጠውም።