የዘጠኝ ዓመት ደንበኛዬን ቅድሚያ ክፍያ የጠየቅሁበት ደብዳቤ

ወጣት ባልደረቦቼ፣

አዲስ አበባ ውስጥ በግል የአርትዖትና የገጽ ቅንብር ሥራ ስተዳደር ሃያ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አዲስ ደንበኛ እንዴት እንደሚገኝ ነው። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ስለሚከብደው ነገር ልጽፍላችሁ ፈለግሁ፤ ይኸውም ለዓመታት ሥራ የሰጠንን፣ የሚያከብረንንና የምናከብረውን፣ ነገር ግን ክፍያችንን ሁልጊዜ የሚያዘገይብንን ደንበኛ ከእንግዲህ ሥራው ሳይጀመር ቅድሚያ እንዲከፍለን በደብዳቤ መጠየቅ ነው። አዲስ ደንበኛ የምንነግረውን የአከፋፈል ሥርዓት እንደ ደንባችን ስለሚቀበለው እርሱን መጠየቅ አያስቸግርም። የቆየው ደንበኛ ግን ማዘግየቱን ለዓመታት በዝምታ ስለተቀበልንለት፣ ጥያቄያችን «አላምንህም» የሚል ይመስለዋል ብለን ይሉኝታ ይይዘናል።

እኔን ዘጠኝ ዓመት የያዘኝ ይኸው ይሉኝታ ነበር። ደንበኛዬ የሥልጠና መመሪያዎችን የሚያሳትም አንድ የግል ድርጅት ነው። ውላችን ክፍያው ሥራው ከተረከበ በ30 ቀናት ውስጥ እንደሚፈጸም ይናገራል፤ ነገር ግን በዚያ ቀን የተከፈለኝ አንድም ጊዜ አላስታውስም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት ገንዘቤ ሦስት ወር ካለፈው በኋላ፣ ተናድጄ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ እንደደረሰብኝ በመዘርዘር ነበር። ውጤቱን በደንብ ተመልከቱት፤ ያ ውዝፍ ክፍያ በአራተኛው ቀን ገባልኝ፣ ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም፤ ከዚያም በላይ ለአራት ወራት ሥራ የሚሰጠኝ አልነበረም። ያልገባኝ ነገር ደብዳቤው ሁለት ጉዳዮችን መደባለቁ ነበር። ያለፈውን ዕዳ መጠየቅና የወደፊቱን ሥርዓት ለመለወጥ ሐሳብ ማቅረብ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገኙ፣ አንባቢው የሚሰማው ዕዳውን ብቻ ነው፤ ዕዳውን ሲከፍልም ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለዋል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ደብዳቤ ያዘጋጀሁት ምንም ውዝፍ በሌለበትና ቀጣዩ ሥራ ገና ባልተጀመረበት ጊዜ ነው። ከመጻፌ በፊትም ሁለት ነገር ሠራሁ። በመጀመሪያ የመጨረሻዎቹን አራት ሥራዎች ከመዝገቤ አውጥቼ፣ ሥራው ከተረከበበት ቀን ገንዘቡ ባንክ እስከገባበት ቀን ያለውን ጊዜ ቆጠርኩ፤ 61፣ 88፣ 97 እና 104 ቀናት ሆኖ አገኘሁት። ቀጥዬ ለመጪው ሥራ ከኪሴ የማወጣውን አሰላሁ። ሥራው 160 ገጽ ያለው መመሪያ ሲሆን ዋጋው 84,000 ብር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ለሠዓሊው 18,000፣ ለጸሐፊዋ 7,000፣ በድምሩ 25,000 ብር ሥራው ሳያልቅ የምከፍለው ነው። ብዙ ወጣቶች «ግማሹን ቅድሚያ» የሚሉት ከሌላ ሰው ስለሰሙ ነው፤ ለምን ግማሽ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን መልስ የላቸውም። የቅድሚያው መጠን ከራሳችሁ ወጪ ከተነሣ ግን ለጠያቂ የምታስረዱት ነገር ይኖራችኋል፤ እስከምን ድረስ ዝቅ ልትሉ እንደምትችሉም ታውቃላችሁ።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ሥራ አስኪያጇን ስልክ ደውዬ በአካል አገኘኋቸው። ይህን እንደ ግዴታ ብትይዙት እወዳለሁ። በእኛ አገር ለዓመታት ከሚያውቁት ሰው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሳይነገር ሲደርስ እንደ ክስ ይቆጠራል። ቡና እየጠጣን ሐሳቤን በአጭሩ ነገርኳቸውና «በጽሑፍ አምጣልኝ፣ ለፋይናንስ የማሳየው ያስፈልገኛል» አሉኝ። ደብዳቤው የሚጻፈው በእርግጥም ለዚህ ነው፤ የሚያውቃችሁ ሰው ለማያውቃችሁ ሰው ይዞት እንዲሄድ። ዋናው ክፍል እንዲህ ይል ነበር፦

«ጉዳዩ፦ የአከፋፈል ሥርዓት እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ለድርጅታችሁ የአርትዖትና የገጽ ቅንብር አገልግሎት ስሰጥ መቆየቴ ይታወቃል። በአሁኑ ጊዜ በመካከላችን ያልተከፈለ ሒሳብ የለም። ባለፉት አራት ሥራዎች ክፍያው የተፈጸመው ሥራው ከተረከበ ከ61 እስከ 104 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ሁሉ ለሥዕልና ለጽሕፈት ሥራ የሚወጣውን ወጪ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ይህን ከዚህ በኋላ መቀጠል ስለማልችል፣ ከመጪው መመሪያ ጀምሮ ከጠቅላላው ዋጋ 40 በመቶው ማለትም 33,600 ብር በቅድሚያ፣ ቀሪው ሥራው ከተረከበ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲከፈለኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በእኔ በኩል የቅድሚያው ክፍያ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ ሥራውን በ45 ቀናት አስረክባለሁ፤ በፕሮፎርማው ላይ የተጻፈውንም ዋጋ እስከ ሥራው ፍጻሜ አልጨምርም። ሥራውን በእኔ ምክንያት ሳላስረክብ ብቀር፣ የተቀበልኩትን ቅድሚያ ክፍያ በ15 ቀናት ውስጥ እመልሳለሁ።»

ስለ ችግሬ አንዲት ቃል እንደሌለበት ልብ በሉ። ስለ ዋጋው የሰጠሁት ቃል ግን በጥንቃቄ የገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ሁላችንም አይተናል፤ ከዚያ ወዲህ የሕትመት ሥራ የሚያሠራ ሰው ዋጋ በመካከል እንዳይጨመርበት ይሠጋል። ስለዚህ ለቅድሚያው ምትክ የሰጠሁት ቅናሽ ሳይሆን የዋጋ መጽናት ነው። ቅናሽ ከሰጣችሁ፣ አዘግይቶ የሚከፍልበት መደበኛ ዋጋ ሌላ አለ ማለታችሁ ነውና ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ ወደዚያው ሊመለስ ይችላል።

በደብዳቤው ውስጥ «ቀብድ» የሚለውን ቃል አለመጠቀሜም ሆን ብዬ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። በአፋችን ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ አንድ ናቸው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ቀብድ የራሱ ውጤት አለው። ቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ መሆኑን ይናገራል። ቁጥር 1885 ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ሊተው እንደሚችል፣ የተቀበለውም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ በመመለስ ሊተው እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ 33,600 ብር በቀብድ ስም ተቀብላችሁ ሥራውን ብትተዉ 67,200 ብር ልትጠየቁ ነው፤ ደንበኛውም በበኩሉ ሥራው ሰማንያ በመቶ ከደረሰ በኋላ «ቀብዱን ያዘው» ብሎ ሊሄድ የሚችልበት በር ይከፈታል። ስለዚህ «ቅድሚያ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ የሚታሰብ መሆኑንና ሥራው ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን በግልጽ አስፍሩ። ውሉ ላይ ይህ ካልተጻፈ ገንዘቡ ምን እንደነበረ በኋላ የምትከራከሩበት ነገር ይሆናል።

መልሱ ከአሥር ቀን በኋላ መጣ፤ እንደጠየቅሁት ግን አልነበረም። የፋይናንስ ኃላፊው ለአቅራቢ የሚሰጥ ቅድሚያ ያለ ባንክ ዋስትና እንደማይፈቀድ አሳወቁኝ። ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጣችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ ግን ሄጄ አነጋገርኳቸውና የሚያሳስባቸው የእኔ ታማኝነት ሳይሆን ሒሳቡ መሆኑን ተረዳሁ። ምንም ሥራ ሳይቀርብ የወጣ ገንዘብ በመዝገባቸው ላይ እንደ ተሰብሳቢ ተይዞ ይቆያል፤ ኦዲተር ሲመጣም ስለ እርሱ የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ አንድ ከሚረከቡት ነገር ጋር እንዲያያዝ ተስማማን። እኔ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ናሙናና ሙሉውን የገጽ ዕቅድ በሰባት ቀን አቀርባለሁ፤ እነርሱ በዚያው ሳምንት 30 በመቶ፣ ማለትም 25,200 ብር ይከፍላሉ። ከኪሴ የማወጣው 25,000 ብር መሆኑን ስለማውቅ ወዲያው እሺ አልኩ። ያንን ቁጥር ባላሰላ ኖሮ ወይ በ40 በመቶው ድርቅ ብዬ ሥራውን አጣ ነበር፣ ወይም 20 ቢሉኝም እቀበል ነበር። ሠዓሊውም ጸሐፊዋም ሥራ የሚጀምሩት ከናሙናው በኋላ ስለሆነ፣ በእነዚያ ሰባት ቀናት ለአደጋ ያጋለጥኩት የራሴን ጉልበት ብቻ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደንበኛ ያላችሁ ግን በግዥ መመሪያ ስለሚሠሩ፣ ለቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁትን ዋስትና በደብዳቤ ልታስቀሩት አትችሉም፤ እዚያ የሚያዋጣው ሥራውን በየምዕራፉ ከፋፍሎ በየርክክቡ እንዲከፈል በውሉ ላይ ማስገባት ነው።

ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ የሚፈተነው በመጀመሪያው ሥራ ላይ ነው። ናሙናውን ባቀረብኩ በሦስተኛው ቀን «ገንዘቡ በሒደት ላይ ነው፣ አንተ ቀጥል» የሚል ስልክ ተደወለልኝ። ቀጥዬ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው በዚያው ቀን ዋጋ አልነበረውም፤ ያለ ቅድሚያው እንደምሠራ በተግባር አሳየኋቸው ማለት ነውና። በትሕትና የሰጠሁት መልስ 45ቱ ቀናት መቆጠር የሚጀምሩት ገንዘቡ በገባበት ቀን መሆኑን ማስታወስ ብቻ ነበር። በስድስተኛው ቀን ገባ። በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የምንለው ቅድመ ግብር ተቀንሶበት ስለመጣ ከ25,200 አንሶ ነበር። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሆኖም ግብር ስታሳውቁ እንዲታሰብላችሁ ለእያንዳንዱ ክፍያ የተቀነሰበትን ደረሰኝ ተቀበሉ። እናንተም ለቅድሚያው በተቀበላችሁት ልክ ደረሰኝ ቁረጡ፣ በመጨረሻም ለቀሪው 58,800 ብር ብቻ። አንድ ወጣት ጓደኛዬ መጨረሻ ላይ ለጠቅላላው ዋጋ ደረሰኝ በመቁረጡ፣ ቅድሚያው በሁለት ደረሰኝ ታይቶበት ገቢው ካገኘው በላይ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር፤ ያንን ለማስተካከል ወራት ፈጅቶበታል።

ቀሪው ክፍያ በ34ኛው ቀን ገባ። አራት ቀን አልፏል፤ በሕጉ ቁጥር 1803 መሠረት ለዘገየ ገንዘብ ሕጋዊው 9 በመቶ ወለድ እንደሚታሰብ ባውቅም አላነሣሁትም። ከ104 ቀን ወደ 34 የመጣን ደንበኛ ለአራት ቀን ወለድ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ባለፈው ዓመት የፋይናንስ ኃላፊው ተቀየሩ። አዲሷ ኃላፊ «ለአንድ አራሚ ከርክክብ በፊት ለምን ይከፈላል?» ብለው ክፍያውን አቆሙት። ሥራ አስኪያጇ ከፋይሉ ውስጥ በሁለታችንም የተፈረመውንና ማኅተም ያረፈበትን ስምምነት አውጥተው አሳዩአቸው፤ 30 በመቶውም በማግሥቱ ተላከልኝ።