ለካናዳ የሚላክ ትራንስክሪፕት እና የማኅተሙ ጉዳይ

ጥያቄ፦ «ከወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ፣ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ትራንስክሪፕቴ በእጄ ነው። ለካናዳ ወደ ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚው ድርጅት ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ ከመላኩ በፊት አፖስቲል ያስፈልገዋል ተባልኩ። ደሴ ያለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ውጭ ጉዳይም ኤምባሲም አስመትቼ አመጣልሻለሁ ይላል። ልስጠው?» — ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ አይስጡት። ከዚያ በፊት ግን በእጅዎ ያለው ስቱደንት ኮፒ ይሁን ወይስ በታሸገ ፖስታ የወጣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አልጻፉም፤ የወጪ መጋራት ክፍያዎን ስለ መጨረስዎም ዝም ብለዋል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ይህን ዕዳ ያልከፈሉ ብዙዎች የያዙት ጊዜያዊ ዲግሪ ብቻ ነው፤ ዕዳው ካለ ሬጅስትራሩ ኦፊሻሉን አይልክልዎትም። ይህን የጎን ጉዳይ አድርገው ማለፍዎ አግባብ አልነበረም።

በ1961ዱ የሄግ ስምምነት መሠረት አፖስቲል የሚሰጠው ሰነዱ የወጣበት አገር ባለሥልጣን ነው፤ የሚያረጋግጠውም የፈራሚውን ፊርማና ሥልጣን እንዲሁም ማኅተሙን እንጂ ውጤትዎን አይደለም። ካናዳ ስምምነቱን ከጃንዋሪ 11 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መተግበሯ ወሬውን ሳያስነሳው አልቀረም፤ ይሁንና የካናዳ ኤምባሲ ለኮምቦልቻ ወረቀት አፖስቲል ሊሰጥ አይችልም። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ወደ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያም ወደ ኤምባሲ የሚሄደው የተለመደው ቅብብል የሚያስፈልገው ተቀባዩ በጽሑፍ ሲጠይቅ ነው።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ግን ማኅተም በበዛ ቁጥር ሰነዱ የሚታመን መምሰሉ ነው። እንዲህ ያለው ገምጋሚ ድርጅት የሚተማመነው ሰነዱ በመጣበት መንገድ ነው፤ ሬጅስትራሩ ትራንስክሪፕቱን ራሱ ፖስታ ውስጥ ከትቶ፣ በመዝጊያው ላይ ፈርሞና ማኅተም አሳርፎ፣ የእርስዎን የማመልከቻ መለያ ቁጥር ጽፎ በቀጥታ እንዲልክ ይፈልጋል። ማኅተም ለማስመታት ደግሞ ፖስታው መከፈት አለበት። ቢሮዬ የመጣ አንድ ተመራቂ የታሸገውን ፖስታ ለጉዳይ አስፈጻሚ ሰጠ፤ ሰውየው ከፍቶ ማኅተም አስመታና መልሶ በሙጫ አጣበቀው። በመዝጊያው ላይ ያረፈው ማኅተም ግማሽና ግማሹ ስላልገጠመ ድርጅቱ ሰነዱን አልተቀበለውም፤ ወረቀቱ እውነተኛ ነበር፣ ግን ተመራቂው ለማስመቻው የከፈለው ቀርቶበት ኦፊሻሉን እንደ ገና ከሬጅስትራሩ ለመጠየቅ ተገደደ።

ስለዚህ መጀመሪያ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ መለያ ይክፈቱና ለኢትዮጵያ የሰነድ መስፈርቱን አትመው ይያዙ፤ የውጭ ጉዳይ ወይም የኤምባሲ ማኅተም የሚል ቃል ከሌለበት አያስመቱ። ቀጥሎ የወጪ መጋራት ደረሰኝዎን፣ ፓስፖርትዎንና የዲግሪዎን ቅጂ ይዘው ሬጅስትራር ይቅረቡ። በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ የስምዎ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ምንም ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። ዋናው ሰነድ አስቀድሞ በጉዳይ አስፈጻሚው እጅ ገብቶ ከሆነም ዛሬውኑ ያስመልሱና ፖስታው ተከፍቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከተከፈተ አዲስ ያስወጡ።