«እስከ መቼ?» ብሎ ደንበኛ መጥራት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ጂም ከፍተናል። ለፌስቡክ እንዲህ ጻፍን፦ «እስከ መቼ ቦርጭህን ተሸክመህ ትኖራለህ? በ30 ቀን ሸንቃጣ ትሆናለህ! ዛሬውኑ ይመዝገቡ!» አንድ ደንበኛ «ስድብ ይመስላል» አለን። ጀማሪ ቅር ሳይለው እንዲመጣ፣ የማንፈጽመውንም ቃል ሳንገባ፣ እንዴት እንጻፈው?

መልስ፦ ደንበኛችሁ እውነቱን ነው። ስድቡ ግን «ቦርጭ» ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ «ሆድ» ብትሉትም ያው ነው። «እስከ መቼ» የቁጣ አነጋገር ነው። እናት «እስከ መቼ ትተኛለህ?» ስትል ሰዓት እየጠየቀች አይደለም። ከዚያ «ቦርጭህን» አላችሁ። ያቺ «ህ» አንባቢው ቦርጭ እንዳለው ቆርጣ ተናገረች፤ ወንድ መሆኑንም እንዲሁ። ጉልበት ለመጨመር የሚፈልገው ቀጭን ልጅ ያልፋችኋል። ሴቶቹም ያልፏችኋል፤ አልተጠሩማ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ «አንተ» ያላችሁትን ሰው በድንገት «ይመዝገቡ» አላችሁት። አንዱን ምረጡ። እኔ «እናንተ»ን እመርጣለሁ። ወንድና ሴት አይለይም፣ ድሬ ላይ ደግሞ «እርስዎ» ትንሽ ይከብዳል።

አሁን ወደ ተስፋው። «ትሆናለህ» ያለ ጥርጥር የሚነገር ግስ ነው፣ ባለቤቱ ግን አንባቢው ነው። የእሱን እንቅልፍ፣ ምግብና የሰውነት ተፈጥሮ እናንተ አታዙበትም። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙውን ጊዜ የሚያየው ለውጥ እንቅስቃሴውን መልመዱን፣ ክብደት ማንሳቱ እየቀለለው መሄዱን ነው። መስታወት ፊት ያለው ለውጥ ይዘገያል፣ ከሰው ሰውም ይለያል። «እስከ 10 ኪሎ መቀነስ ይችላሉ» ማለትም መፍትሔ አይሆንም፤ «እስከ» እና «ይችላሉ» ተረስተው ጆሮ ላይ የሚቀረው 10 ኪሎ ነው።

መውጫው ቀላል ነው፤ የግሱን ባለቤት «እኛ» አድርጉት። «እናሳያችኋለን» ብላችሁ ካላሳያችሁ ተጠያቂው ይታወቃል። እንዲህ ይሞከር፦

«ጂም ገብታችሁ አታውቁም? ኑ፣ ከዜሮ እንጀምራለን። የመጀመሪያውን ሳምንት አሰልጣኝ አጠገባችሁ ሆኖ እያንዳንዱን መሣሪያ ያሳያችኋል። በየትኛው ክብደት እንደምትጀምሩ አብረን እንወስናለን። ጠዋት 12 ሰዓት እንከፍታለን፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ሠርታችሁ ትወጣላችሁ።»

ሰዓቱን እንደ እናንተ አስተካክሉት። አሰልጣኙ ሳምንቱን ሙሉ የማይገኝ ከሆነም «የመጀመሪያውን ቀን» በሉ። ጀማሪን የሚያስፈራው ብዙ ጊዜ መሣሪያውን አለማወቁና ሰው ያየኛል ማለቱ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ስለ ሰውነቱ ምንም ሳይል ስለ በሩ፣ ስለ ሰዓቱና ስለ አሰልጣኙ ይንገረው።

ፎቶውንም እዩት። ከዚህ ጽሑፍ በላይ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል የሆድ ፎቶ ከለጠፋችሁ ያወጣችሁትን ስድብ በጓሮ በር መለሳችሁት። ዋጋውንም እዚያው ጻፉት። «ዋጋ በኢንቦክስ» ሲባል፣ ለመጠየቅ የሚያፍረው ጀማሪ እዚያው ይቀራል።