አስተርጓሚው ስልክ በር ላይ ሲወጣ ለምን ይቀባጥራል?

«ልጄ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ዕቃ ሱቅ አለኝ። ከፈረንጅ ደንበኞች ጋር የምግባባው በስልኬ ጉግል ትራንስሌት ነው። ወደ ሱቁ ውስጥ ገባ ብዬ ስናገር ጥሩ አድርጎ ይተረጉማል። በር ላይ ቆሜ ስናገር ግን ይቀባጥራል። ስልሳ ስለው ሰላሳ ብሎብኝ ያውቃል። ማይኩ ተበላሽቶ ነው? ላስቀይረው?»

ጋሼ፣ ለማይክ ብር እንዳያወጡ። ውስጥ በደንብ የሚሰማ ማይክ በር ላይ ሲደርስ አይበላሽም። ማረጋገጥ ከፈለጉ ሱቁ ውስጥ ሆነው በድምፅ መቅጃው ትንሽ ይቅዱና ያዳምጡት። ድምፅዎ ጥርት ካለ ማይኩ ጤነኛ ነው። እዚያም የታፈነ ከሆነ ከቻርጀር ማስገቢያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ይዩ። አቧራ ይደፍናታል፤ አንዳንዴ ከቨሩ ራሱ ይሸፍናታል። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጠረግ ያድርጓት። መርፌ ግን እንዳያስገቡ! በመርፌ የተበሳ ማይክ ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

ስልኩ ንግግር የሚተረጉመው በሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ድምፅዎን ሰምቶ የአማርኛ ጽሑፍ ያደርገዋል። ከዚያ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል። በመጨረሻ እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ ያነበዋል። የሚተረጉመው ክፍል የእርስዎን ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ሲናገሩ ዓይንዎ ስክሪኑ ላይ ይሁን። የወጣው አማርኛ ራሱ እርስዎ ያላሉት ከሆነ ችግሩ የመስማት ነው። አማርኛው ልክ ሆኖ እንግሊዝኛው ከተበላሸ የትርጉም ነው፤ ያኔ አጠር አድርገው በሌላ አነጋገር ይሞክሩት። ጽሑፉ ቆም ቆም እያለ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ዳታውን ይጠርጥሩ።

የእርስዎ ጉዳይ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ክፋቱ ይህ ሲስተም እንደ ሰው «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» አይልም። የጎደለውን በግምት ይሞላል። ስልሳ እና ሰላሳ በድምፅ ጎረቤት ናቸው፤ በደንብ የምትለያቸው መሀል ላይ ያለችው «ላ» ናት። በዚያች ቅጽበት አንድ ሚኒባስ ጥሩምባ ከነፋ ስልኩ ከሁለቱ አንዱን ይመርጥና በሙሉ ልብ ይናገረዋል። ፈረንጁም ያምነዋል።

አሁን ርቀቱን እንይ። ሰው በተለመደ ድምፅ ሲያወራ አንድ ሜትር ላይ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። በርዎ ላይ፣ ዳገቱን እያጓራ የሚወጣ አውቶብስ 75 ይደርሳል እንበል። ስልኩን በእርስዎና በደንበኛው መሀል አንድ ሜትር ላይ ቢይዙት ማይኩ ከእርስዎ ይልቅ አውቶብሱን ነው የሚሰማው። ስልኩ ወደ አፍዎ በግማሽ በቀረበ ቁጥር ግን ድምፅዎ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ግማሽ ሜትር ላይ 66፣ ሩብ ሜትር ላይ 72፣ አንድ ጭብጥ ያህል ሲቀርብ 78 ይሆናል። አውቶብሱ እዚያው 75 ላይ ነው። ያለምንም ጩኸት በለጡት ማለት ነው። መጮህማ ይብሳል፤ ቃሉ ይለጠጣል፣ ድምፁም ማይኩ ላይ ይሰነጣጠቃል። የስልኩን የታች ጫፍ ወደ አፍዎ አድርገው፣ ጣትዎ ቀዳዳዋን ሳይሸፍን፣ በልኩ ይናገሩ። የደንበኛው ተራ ሲደርስ ስልኩን ለእሱ ይስጡት። ደንበኛው ዕቃውን እያየ ከሩቅ ሲያወራ ስልኩ ቀርጾ እንዲተረጉም አይጠብቁ።

ማቅረብ የማያድነው አንድ ነገር አለ፤ የሰው ድምፅ። ስልኮች እንደ ጄኔሬተር ያለ ወጥ ድምፅን በተወሰነ ደረጃ ያጣራሉ። የጎረቤት ሱቅ ዘፈንን ወይም የረዳቱን «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ግን ከእርስዎ ንግግር አይለዩትም፤ ያም ንግግር ነውና። አንዳንዴ ቃላቸው በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሰንቅሮ ያገኙታል። ሌላም ጣጣ አለው። ስልኩ እርስዎ መጨረስዎን የሚያውቀው ጸጥ ሲል ነው። በር ላይ ጸጥታ የለም፤ ስለዚህ ማዳመጡን አያቆምም። ጨርሰው ሲቆሙ ማይኩን ራስዎ ነክተው ይዝጉት። ማን በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረ ስልኩ ራሱ እንዲለይ የሚያደርገውንም ምርጫ ይተዉት፤ ጫጫታ ውስጥ ቋንቋ ያምታታል። ተራ በተራ የየራሳችሁን ቁልፍ ተጫኑ።

ብሉቱዝ የጆሮ ማዳመጫ ይግዙ የሚልዎ ካለ አይቸኩሉ። ማይኩ ያለው ጆሮዎ ጋ ነው፤ ከአፍዎ ይርቃል። ብዙዎቹም በማይክ ሲያወሩ የድምፁን ጥራት ይቀንሳሉ። ገመድ ያለው ርካሹ ኢርፎን ማይኩን ከንፈርዎ አጠገብ ሊይዙት ስለሚችሉ ለእርስዎ ይሻላል።

ለዋጋ ግን ይህንን ሁሉ ይርሱት። ካልኩሌተር ላይ ቁጥሩን ጽፈው ያሳዩት። ስለ ሽመናውና ስለ ብር ጌጡ ጥራት ማውራት ሲፈልጉ ወደ ውስጥ ያስገቡት፤ የተሰቀለው ጋቢና ነጠላም ድምፅ ስለሚውጥ እዚያ ስልክዎ በደንብ ይሰማዎታል።